«ሦስት እጥፍ» ከመቶ ስንት ነው? የሎጂት ውጤትን በአማካይ ማርጂናል ኢፌክት ማንበብ

ደብረ ብርሃን ሆኜ የብድር መረጃ በሎጂት መተንተን እየተማርኩ ነው። ሞዴሉን መገመት ብዙም አላስቸገረኝም፤ ትእዛዙ አንድ መስመር ነው። የሚያስቸግረው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ኮምፒውተሩ የተፋውን ቁጥር ብድር ለሚፈቅድ ሰው እንዴት ትነግረዋለህ?

አብረን የምናጠና ልጆች ብዙ ጊዜ የምንለው «ቀደም ሲል ዘግይቶ የከፈለ ሰው ብድሩ የመበላሸት ነገሩ ሦስት እጥፍ ነው» ነው። በብድር ሥራ ዕድሜያቸውን የጨረሱ አንድ ጋሼ ይህንን ሰምተው «እሺ ልጄ፣ ሦስት እጥፍ ማለት ከመቶ ስንት ሰው ነው?» አሉ። ጥያቄው ልክ ነው። ኮፊሸንቱም ሆነ ኦድስ ሬሾው ግን ብቻውን አይመልሰውም።

አንድ ትንሽ ምሳሌ ይዤ ልሂድ። ቁጥሮቹን ለልምምድ ብዬ የፈጠርኳቸው ናቸው፤ ከየትኛውም ተቋም መዝገብ አልተወሰዱም። «የተበላሸ ብድር» የምለው ክፍያው ከ90 ቀን በላይ የዘገየውን ነው። ሞዴሉ ይህ ነው እንበል፦

```
z = -2.5 + 1.1*late + 0.03*loan - 0.9*irrig
p = 1/(1 + exp(-z))
```

`late` ተበዳሪው በቀደመ ብድሩ ዘግይቶ ከነበረ 1፣ ካልነበረ 0 ነው። `loan` የብድሩ መጠን በሺህ ብር ነው። `irrig` የመስኖ መሬት ካለው 1 ይሆናል። `p` ብድሩ የመበላሸት ዕድል ነው።

የ`late` ኮፊሸንት 1.1 ነው። ይህ የሎግ ኦድስ ለውጥ ነው፤ በሎግ ኦድስ የሚያስብ ሰው ደግሞ አላጋጠመኝም። `exp(1.1)` ስናደርገው 3 ይመጣል፤ ኦድስ ሬሾ የሚባለው ይኸው ነው። «ሦስት እጥፍ» የምንለው ከዚህ የመጣ ነው። ሦስት እጥፍ የሆነው ግን ኦድሱ እንጂ ዕድሉ አይደለም። ከ100 ተበዳሪ 10ሩ ብድራቸው ከተበላሸ ዕድሉ 10 ከመቶ ነው፤ ኦድሱ 10 ለ90፣ ማለትም 0.11 ነው። ኦድሱን ሦስት እጥፍ ስናደርገው 0.33 ይሆናል። ወደ ዕድል ስንመልሰው 25 ከመቶ ነው፣ 30 አይደለም።

አሁን አራት ተበዳሪዎችን እንውሰድ። አንዷ መንዝ ላይ በግ ለማድለብ 20 ሺህ ብር ተበድራለች። አንዱ ሸዋ ሮቢት በመስኖ ሽንኩርት ያለማል፣ 30 ሺህ ወስዷል። አንዷ እዚሁ ደብረ ብርሃን ጉልት ቸርቻሪ ናት፣ 10 ሺህ ወስዳለች። የመጨረሻው ጅሩ ላይ ሰንጋ ያደልባል፤ ሰንጋ ደግሞ ርካሽ ስላልሆነ የወሰደው 80 ሺህ ነው። የመስኖ መሬት ያለው የሸዋ ሮቢቱ ብቻ ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ሌላውን ሁሉ እንዳለ ትተን መጀመሪያ `late` 0 ነው ብለን ዕድሉን እናሰላለን። ከዚያ 1 ነው ብለን ደግመን እናሰላለን። ሰውየው በእውነት ዘግይቶ ያውቅ እንደሆነ እዚህ ላይ አንጠይቅም፤ ለሁሉም ሁለቱንም እናደርጋለን።

የመንዟ ከ13.0 ወደ 31.0 ከመቶ ትሄዳለች። ልዩነቱ 18.0 ነጥብ ነው። የሸዋ ሮቢቱ ከ7.6 ወደ 19.8፤ ልዩነቱ 12.2። ቸርቻሪዋ ከ10.0 ወደ 25.0፤ ልዩነቱ 15.0። የጅሩው ከ47.5 ወደ 73.1፤ ልዩነቱ 25.6።

ሦስት እጥፍ የሆነ ሰው አያችሁ? የለም። የጅሩው ዕድል አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ነው የሆነው። የሸዋ ሮቢቱ ወደ ሦስት እጥፍ ቀረብ ብሏል፣ እሱም አልደረሰም። ያም ሆኖ የአራቱም ኦድስ በትክክል ሦስት እጥፍ ሆኗል። ሞዴሉ አልዋሸም፤ እኛ ነን ኦድሱን ዕድል አድርገን የምናወራው። ዕድሉ በጣም ትንሽ ሲሆን፣ ለምሳሌ ከመቶ 1 ወይም 2 ሲሆን፣ ሁለቱ ስለሚቀራረቡ ችግሩ ጎልቶ አይታይም። ብድሩ ተለቅ ብሎ ዕድሉ ወደ ግማሽ ሲጠጋ ግን ልዩነቱ ያፈጣል።

የአራቱን ልዩነት ደምረን ለ4 ስናካፍል 17.7 ይመጣል። አማካይ ማርጂናል ኢፌክት ይኸው ነው። በሌላ መንገድም ይታያል። ሁሉም ያልዘገዩ ቢሆኑ አማካይ ዕድላቸው 19.5 ከመቶ ነው፤ ሁሉም የዘገዩ ቢሆኑ 37.2። ልዩነቱ ያው 17.7 ነው። ለጋሼ የሚሆነው መልስም ይህ ነው፦ ሌላው ነገራቸው ተመሳሳይ ሆኖ፣ ቀድሞ የመዘግየት ታሪክ ካላቸው 100 ተበዳሪዎች ውስጥ ብድራቸው ይበላሻል ብለን የምንጠብቀው ከሌሎቹ በአማካይ በ18 ሰው ገደማ ይበልጣል።

እዚህ ላይ አንድ አነጋገር ጠንቀቅ ይበሉልኝ። 17.7 የመቶኛ ነጥብ ነው። «በ17.7 ከመቶ ጨመረ» ብለን ከጻፍን አንባቢው 19.5ን በ17.7 ከመቶ አሳድጎ 23 ሊል ይችላል። እኛ የምንለው 37 ነው። እኔ በሪፖርት ላይ ሁለቱንም ጫፍ እጽፋለሁ፤ «ከ19.5 ወደ 37.2» ካልኩ ማንም አይሳሳትም።

በስታታ እንዲህ ይወጣል፤ `default` ብድሩ ከተበላሸ 1 ነው፣ `grp` የተበዳሪው ቡድን ነው፦

```
logit default i.late c.loan i.irrig, vce(cluster grp)
margins late
margins, dydx(*)
```

`margins late` ሁለቱን አማካይ ዕድሎች ይሰጣል። `margins, dydx(*)` ልዩነቱን ከነመተማመኛ ክልሉ ያወጣል። `vce(cluster grp)` የገባው ቡድን ተበዳሪዎች እርስ በርስ ስለሚዋዋሱ ነው፤ አንዱ ሲወድቅ ሌላውንም ይጎትታል። ይህ 17.7ን አይቀይረውም፣ የመተማመኛ ክልሉን ግን ይቀይረዋል፤ ብዙ ጊዜም ያሰፋዋል።

`i.` የምትለዋን ቅድመ ፊደል አትዝለሏት። ካልተጻፈች ስታታ `late`ን እንደ ብድር መጠን ያለ ተከታታይ ቁጥር አድርጎ ይወስደውና ሁለቱን ዕድሎች በማቀናነስ ፈንታ ተዳፋቱን ያሰላል፤ ማለትም ለእያንዳንዱ ሰው `p*(1-p)*1.1`። በእኛ ምሳሌ በእውነት የዘገየችው ቸርቻሪዋ ብቻ ከሆነች ውጤቱ 17.1 ገደማ ይሆናል። ከ17.7 ብዙ አልራቀም። አስቸጋሪነቱም እዚህ ጋ ነው፤ ቁጥሩ ደህና ስለሚመስል ማንም አይጠረጥረውም። ማወቂያው ቀላል ነው፦ `margins late` የሚሰጣችሁን ሁለት ቁጥሮች ቀንሱና ከ`dydx` ጋር አመሳክሩ። ጭራሽ ትእዛዙ አልሠራም ካለ `i.` ቀርታለች ማለት ነው።

ለብድር መጠን ግን ተዳፋቱ ትክክለኛው ነው። በምሳሌያችን 0.00465 ይመጣል፤ በ1 ሺህ ብር ማለት ነው። 10 ሺህ ብር ሲጨመር 4.7 ነጥብ ገደማ። ብድሩ በሺህ ሳይሆን በብር ተመዝግቦ ቢሆን ስክሪኑ ላይ የምታዩት `4.65e-06` ነው። ይህን አይቶ «የብድር መጠን ምንም ለውጥ አያመጣም» ያለ ሰው አውቃለሁ። አንድ ብር ምን ለውጥ ያመጣል! መጀመሪያውኑ በሺህ አካፍሎ መጀመር ይሻላል።

ሌላ የሚያምታታ ነገር አለ። አንዳንድ ሶፍትዌርና አንዳንድ ጽሑፍ ኢፌክቱን የሚያሰላው «በአማካይ ተበዳሪው» ላይ ነው። የእኛ አማካይ ተበዳሪ 35 ሺህ ብር የወሰደ፣ ሩብ የመስኖ ባለቤት የሆነ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው መንዝም ሸዋ ሮቢትም የለም። እሱ ላይ ሲሰላ 20.2 ነጥብ ይመጣል፣ 17.7 ሳይሆን። ስታታ `atmeans` ካልተባለ በቀር የሚያሰላው በእውነተኞቹ ሰዎች ላይ ነው። የሰው ሪፖርት ስታነቡ የትኛው እንደሆነ ጠይቁ።

አማካዩ ራሱ የሚሸፍነውም አለ። 17.7 ውስጥ የሸዋ ሮቢቱ 12 እና የጅሩው 26 ተደብቀዋል። ኮሚቴው የሚወስነው ደግሞ በአማካይ ሰው ላይ ሳይሆን ፊቱ በቀረበው ሰው ላይ ነው። ስለዚህ አሁን አሁን ከአንዱ ቁጥር ቀጥዬ ይህችን እጨምራለሁ፦

```
margins, dydx(late) at(loan=(10 20 30 80))
```

ይህ የሁሉንም ብድር መጀመሪያ 10 ሺህ፣ ከዚያ 20 ሺህ እያደረገ ኢፌክቱን በየደረጃው ያሳያል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ኢፌክቱ በትልቅ ብድር ላይ የሚያድገው በከፊል ከሎጂቱ ቅርጽ የተነሳ ነው፤ ኩርባው ይበልጥ ቀጥ ብሎ የሚወጣው ዕድሉ ግማሽ አካባቢ ሲሆን ነው። መረጃው ራሱ የነገረን እንዳይመስላችሁ። መረጃውን መጠየቅ ከፈለግን `i.late##c.loan` ብለን አባዝተን ማስገባት አለብን።

ኮፊሸንት የማላወዳድርበት ሌላም ምክንያት አለኝ። ሞዴሉ ላይ የብድር መበላሸትን የሚተነብይ አዲስ ነገር፣ ለምሳሌ የቤተሰብ ብዛት፣ ስንጨምር ከ`late` ጋር ምንም ግንኙነት ባይኖረው እንኳ የ`late` ኮፊሸንት ከዜሮ ይበልጥ ይርቃል። ሎጂት ያልተብራራውን ክፍል ስፋት አንድ ቦታ ቸክሎ ስለሚይዘው፣ የተብራራው ሲጨምር ሌላው ሁሉ ይለጠጣል። 1.1 የነበረው 1.3 ስለሆነ «ውጤቱ ጠነከረ» ማለት አያስኬድም። አማካይ ማርጂናል ኢፌክቱ ግን በእንዲህ ያለ ጊዜ እዚያው አካባቢ ይቆያል።

ጋሼ በኋላ ያነሱት ሌላ ጥያቄ ደግሞ ማርጂናል ኢፌክትም የማይመልሰው ነው። «ታዲያ ለሰዎቹ መስኖ ብናወጣላቸው ብድሩ አይበላሽም ማለት ነው?» አሉ። ሰሜን ሸዋ ውስጥ መስኖ ያለው ሸዋ ሮቢት ቆላው ላይ፣ በግ አድላቢዋ መንዝ ደጋው ላይ ከሆኑ፣ `irrig` የሚለው ተለዋዋጭ መስኖውን ብቻ አልያዘም። የአየር ንብረቱን፣ የሰብሉን ዓይነት፣ የአስፋልቱንና የገበያውን ቅርበት ሁሉ አዝሏል። ማርጂናል ኢፌክት ኮፊሸንቱን በሚገባ ቋንቋ ያቀርበዋል እንጂ ተዛምዶ የነበረውን መንስኤ አያደርገውም። ከዚህም ሌላ መረጃው ውስጥ ያሉት ብድር የተፈቀደላቸው ብቻ ናቸው። ተመልሰው የሄዱት ቢበደሩ ምን ይሆን እንደነበር ሞዴሉ አላየም።

ቀጣዩ ሥራዬ ወረዳን በ`i.` አስገብቶ የመስኖው ቁጥር ምን ያህል እንደሚቀንስ ማየት ነው። በየወረዳው ሁሉም መስኖ ያላቸው ወይም ሁሉም የሌላቸው ከሆኑ ግን መስኖውን ከወረዳው የምለይበት መንገድ አይኖረኝም። ስለዚህ መጀመሪያ `tab woreda irrig` ብዬ ባዶ ሳጥን መኖሩን አያለሁ።