የሞተው ወንድም ምዕራፍ 8 ላይ ብቅ ሲል

ልብ ወለዱን ሁለት ሆነን፣ ምዕራፍ በምዕራፍ እየተቀባበልን እንጽፋለን። ምዕራፍ 3 ላይ የሠናይት ወንድም በመኪና አደጋ ሞቷል። ከባልደረባዬ በመጣልኝ ምዕራፍ 8 ግን ወንድምየው አውቶቡስ መናኸሪያ ቆሞ እህቱን ይጠብቃል።

ቶሎ የሚመጣው ሐሳብ ምዕራፍ 9 ላይ ነገሩን ማለባበስ ነው፦ ሕልም ነበር፣ መንታ ነበረው። አላደረግሁትም። መንታ ከመጀመሪያው ፍንጭ ካልተጣለለት አንባቢ መታለሉን ወዲያው ያውቃል። የባልደረባዬን ጽሑፍም ራሴ አልነካሁም።

ወደ ምዕራፍ 3 ተመልሼ ሞቱን ማን እንደነገረን ፈለግሁ። «ወንድምሽ አርፏል» ያላት ፖሊስ ብቻ ቢሆን ኖሮ መውጫ ነበረን፤ ገጸ ባሕርይ ሊሳሳትም ሊዋሽም ይችላል። የጻፍነው ግን «ጨርቁን ገልጣ ፊቱን አየችው፤ ግንባሩ ላይ ያለውን የልጅነት ጠባሳ በጣቷ ዳሰሰችው» የሚል ነው። ይህን ያለው ሁሉን ዐዋቂው ተራኪ ነው። እሱ አንዴ ከዋሸ አንባቢ ሌላውንም አያምነውም።

ቀጥሎ በሞቱ ላይ የተንጠለጠለውን ቆጠርኩ። ምዕራፍ 4 ሙሉው ሐዘን ነው፤ ምዕራፍ 5 ላይ ሠናይት ከወንድሟ የወረሰችውን ቤት ትሸጣለች። ሞቱን ከሰረዝን ሁለቱም ይፈርሳሉ። በሁለቱ ምዕራፎች መካከል የተጋጨው ነገር የመኪናው ቀለም ብቻ ቢሆን ኖሮ የቀድሞውን ማስተካከል ይቀል ነበር፤ ምንም አልተንጠለጠለበትማ።

ለባልደረባዬ ሁለቱን ቦታዎች ጎን ለጎን አድርጌ ላክሁለትና አንድ ነገር ጠየቅሁት፦ «ወንድምየው ሲመለስ ታሪኩ ውስጥ ምን እንዲሆን ፈልገህ ነው?» («ለምን እንዲህ ጻፍክ?» ብሎ መጀመር ጠብ ነው የሚያመጣው።) መልሱ፣ የቤተሰቡን ዕዳ ምስጢር የሚያውቀው እሱ ብቻ ስለሆነ የሚል ነበር። እንግዲህ የፈለገው ምስጢሩ እንዲወጣ እንጂ ሰውየው እንዲነሣ አልነበረም።

ስለዚህ ምስጢሩን ሟቹ ትቶት ባለፈው ነገር ማውጣት ነበረብን። የድምፅ ቅጂ እንዳንል ስልኩ አደጋው ላይ ተሰባብሯል። ደብዳቤ መረጥን። ምዕራፍ 6 ላይ ሊያጽናናት መጥቶ፣ አንድ ነገር ሊናገር ብሎ ዝም ያለ ጓደኛ ነበር፤ ደብዳቤውን ይዞ የቆየው እሱ ሆነ። የመናኸሪያው ትዕይንት እንዳለ ቀረ፤ የተቀየረው የሚጠብቃት ሰው ነው። የደብዳቤው የመጀመሪያ ረቂቅ ላይ ግን «ቤቱን በመሸጥሽ አልቀየምሽም» የሚል ገብቶ አገኘሁ። ሟች ከሞተ በኋላ የሆነውን ከየት ያውቃል? እንዲህ ዓይነት ጥገና ውስጥ ደጋግሞ የሚሾልከው ስሕተት ይኸው ነው፤ ደብዳቤው የተጻፈበትን ቀን ከላይ አስፍረን እያንዳንዱን መስመር በዚያ ቀን መዘንነው።

አሁን አራት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ አለን፦ ፍሬ ነገሩ፣ ምዕራፉ፣ ማን እንደተናገረው፣ ምን እንደተንጠለጠለበት። ምዕራፍ ባለቀ ዕለት ይሞላል፤ ከቆየ ይረሳል። ተረኛው ደግሞ መጻፍ ከመጀመሩ በፊት ያሰበውን በአምስት መስመር ይልካል፤ ሌላው ከሠንጠረዡ ጋር አስተያይቶ «ቀጥል» ሳይል ምዕራፉ አይጀመርም።