የአጎቴ ልጅ ንግድ ላይ ስንት ብር ላስገባ? እኔ ያሰላሁት እንዲህ ነው

የአጎቴ ልጅ ፍኖተ ሰላም ላይ የከብት መኖ አቀነባብሮ መሸጥ ልጀምር ነው ብሎ 500 ሺ ብር ጠየቀኝ። 300 ሺው ለመፍጫና ለመቀላቀያ ማሽን፣ 200 ሺው ለፉርሽካ፣ ለኑግ ፋጉሎና ለበቆሎ መግዣ ነው። ሀሳቡ መጥፎ አይደለም፣ በዛ አካባቢ በቆሎ እንደልብ ነው፣ ወተት ላም የሚያረባና በሬ የሚያደልብ ሰው በዝቷል፣ ልጁም ሰራተኛ ነው። እኔ ያለሁት ደብረ ማርቆስ ነው፣ ባጃጅ ሸጬ ከቁጠባዬ ጋር 1 ሚሊዮን 200 ሺ ብር ነበረኝ። ንግዱ ጥሩ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ቤተሰቡ ሁሉ ሲያወራው ከረመ፣ ስንት ይግባበት የሚለውን ግን ማንም አላነሳውም፣ እኔ ደግሞ ከባዱ ጥያቄ እሱ ነው ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም ጥሩ ንግድም ቢሆን ያለህን ሁሉ ከከተትክበት አንድ መጥፎ አመት ይበቃሃል።

መጀመሪያ ያደረኩት ከ1.2 ሚሊዮኑ ላይ የማይነካውን መቀነስ ነው። የስድስት ወር የቤት ወጪ 150 ሺ፣ ዘንድሮ የግድ መሰራት ያለበት የእማዬ ቤት ጣሪያ ሌላ 150 ሺ። የቀረው 900 ሺ ነው፣ ሂሳቤ ሁሉ ከዚህ ላይ ነው። ቀጥሎ ራሴን የጠየኩት ስንት አተርፋለሁ ብዬ አይደለም፣ ብሩ ሙልጭ ብሎ ቢጠፋ በስንት ጊዜ እተካዋለሁ ብዬ ነው። በወር 6 ሺ ብር ነው የምቆጥበው፣ በሁለት አመት 144 ሺ ይሆናል። ከሁለት አመት በላይ ወደ ኋላ የሚመልሰኝን ብር አላስገባም ብዬ የማስገባውን ብር ጣሪያ 140 ሺ ላይ አቆምኩት፣ ከ900 ሺው 16 ፐርሰንት ገደማ ማለት ነው። ሌላ ሰው ሌላ ቁጥር ይመጣለታል፣ ደሞዙ አስተማማኝ ያልሆነ ሰው ደግሞ ከዚህም በታች መውረድ አለበት።

ለምን አነሰ ላላችሁ፣ እስቲ እንደኔ አስቡት። የዘመድ ንግድ አስር ቢጀመር፣ ይሄ የኔ ግምት ነው፣ አራቱ ብሩን ይዘው ይጠፋሉ፣ ሦስቱ የገባውን ብቻ ይመልሳሉ፣ ሁለቱ እጥፍ ያደርጉታል፣ አንዱ አምስት እጥፍ ያደርገዋል እንበል። በያንዳንዳቸው 100 ሺ ብታስገባ ያወጣኸው 1 ሚሊዮን ከአምስት አመት በኋላ 1 ሚሊዮን 200 ሺ ሆኖ ይመለሳል። ያው 1 ሚሊዮን በ7 ፐርሰንት የባንክ ወለድ ወለዱ ሳይነካ አምስት አመት ቢቀመጥ 1 ሚሊዮን 400 ሺ ይሆናል። የባንክ ወለድን ደግሞ የኑሮ ውድነቱ እንደሚበላው ሁላችንም እናውቃለን፣ እንግዲህ የዘመዱ ንግድ ከሱም ያነሰ ሆነ ማለት ነው። ከሁሉ የሚብሰው አስር የአጎት ልጅ የለኝም፣ ያለኝ አንድ ነው፣ ስለዚህ አማካዩ ራሱ አይደርሰኝም፣ የሚደርሰኝ ወይ ይሄኛው ወይ ያኛው ነው።

እትዬ አሜሪካ ናት፣ ብሯን የምታስቀምጠው ብዙ መቶ ካምፓኒ አንድ ላይ የሚይዝ ኢንዴክስ ፈንድ ውስጥ ነው። እሷንም ጠይቋት ስለነበር በስልክ ስናወራ እንዲህ አለችኝ፦ "የኔ ፈንድ እኮ ይወድቃል፣ በፈረንጆቹ 2008 ቀውስ የአሜሪካ ትላልቅ ካምፓኒዎች ኢንዴክስ በአመት 37 ፐርሰንት ወርዷል፣ ግን ዜሮ ሊገባ የሚችለው ሁሉም ካምፓኒ አንድ ላይ ሲዘጋ ነው፣ የሱ መጋዘን ዜሮ ለመግባት ግን አንድ መጥፎ ክረምት ይበቃዋል።" ልክ ናት። እኔ እዚህ ሆኜ ያንን ፈንድ መግዛት አልችልም፣ ግን ሀሳቡን በአቅሜ ሰራሁበት። የሦስት ባንክ አክሲዮን አለኝ፣ ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም ድርሻ ሲሸጥ አንዱ 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን ማለትም 9,900 ብር ነበር፣ እኔ 100 አክሲዮን በ30 ሺ ብር ገዛሁ፣ የተረፈው ቁጠባ ነው። ይሄ እውነተኛ ፈንድ አይደለም፣ ሦስት ባንክ ማለት በአንድ የስራ ዘርፍ ላይ ሦስት ጊዜ መቆም ነው፣ አክሲዮኑንም ልሽጥ ብትል በማግስቱ ገዢ አይመጣልህም። ቢሆንም ከአንድ መጋዘን ይሻላል።

ሌላው ሰው የማያየው ነገር፣ እኔና የአጎቴ ልጅ የምንኖረው በአንድ መንገድ ላይ ነው። የአባይ በረሃው መንገድ ሲዘጋ የሱም ጥሬ እቃ ይቆማል የኔም ስራ ይቀዘቅዛል፣ ቤቴም ያለው እዚሁ ነው። የሱ ንግድ የሚወድቅበት ቀን እኔም ብር የሚቸግረኝ ቀን ነው የሚሆነው። ስለዚህ የቀረውን ብር ማርቆስ ላይ ሌላ ቦታ ወይም የሌላ ዘመድ ካፌ ውስጥ ብከተው "በተንኩት" ማለት አልችልም፣ ጎጃም ከሆነው ሁሉ ውጪ የሆነ ነገር ላይ መቀመጥ አለበት።

አሁን ወደ ትልቁ ነገር ልምጣ። ዘመድ ንግድ ላይ የምታስገባው ብር መጀመሪያ ቀን የሰጠኸው ብቻ አይደለም። የአጎቴ ልጅ 140 ሺ ብቻ እንደምሰጥ ሲሰማ "እሺ ወንድም ጋሼ፣ ከቀሪው 300 ሺውን ከብድር ተቋም አወጣለሁ፣ ዋስ ብቻ ሁነኝ" አለ። ብቻ! ዋስ ስትሆን ኪስህ አይነካም፣ ስለዚህ ምንም ያልሰጠህ ይመስልሃል፣ ግን ውሉ ላይ ከተበዳሪው ጋር በአንድነት ዋስ ሆነህ ከፈረምክ አበዳሪው መጀመሪያ እሱን ሳይጠይቅ በቀጥታ ወደ አንተ መምጣት ይችላል። እኔ ዋስትናን እንደተሰጠ ብር ነው የምቆጥረው፣ 140 ሲደመር 300፣ 440 ሺ፣ የ900 ሺው ግማሽ ሊሞላ ምን ቀረው። እምቢ አልኩ። በዚህ አጎቴ አኩርፎ ነበር፣ ሽማግሌም ተላከብኝ፣ እኔም ለሽማግሌዎቹ ይችኑ ሂሳብ ነገርኳቸው።

እማዬም የዕቁብ ብሯን 70 ሺ ላግባለት ብላ ተነሳች። እሷ ከከሰረች የምጦራት እኔ ነኝ፣ ስለዚህ የሷ 70 ሺ በተዘዋዋሪ የኔ ነው፣ ጣሪያዬን 210 ሺ ያደርገዋል። እንደዛ ብዬ አስረዳኋት፣ ተወችው። የቤተሰብ ብር ስታሰላ የራስህን ብቻ ሳይሆን ቢጠፋ አንተ የምትሸፍነውን ሁሉ ደምር።

በመጨረሻ እኔ መጀመሪያ 80 ሺ፣ እትዬ 100 ሺ፣ እሱ የራሱን 120 ሺ አደረግን፣ ኅዳር 2017 ላይ ጀመረ። ማሽኑ ይቆይ፣ ሲሚንቶ ወለል ላይ በአካፋ ይቀላቀላል፣ በቆሎውን ወፍጮ ቤት ያስፈጫል ተባባልን። ብሩ ማሽን ሆኖ ከተተከለ ንግዱ ቢቆም የሚሸጥ ብረት ነው የሚቀርህ፣ ፉርሽካና ፋጉሎ ሆኖ ካለ ግን በሳምንት ሊሸጥ ይችላል። ወረቀቱን ደግሞ ብድር አድርገን ተፈራረምን፣ ባለቤቴም ፈርማለች። በግል ንግድ ፈቃድ ከሚሰራ ሰው ጋር በቃል "ድርሻ አለኝ" ብሎ መኖር ለክርክር ነው የሚበጀው። በፍትሐብሔር ህጉ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በመርህ ደረጃ በጽሁፍ ነው የሚረጋገጠው፣ ወለዱም በአመት ከ12 ፐርሰንት መብለጥ አይችልም። እዚህ ላይ ልብ በሉ፣ 80 ሺው ቢበዛ የሚያመጣልኝ በአመት 9,600 ብር ነው፣ ዋናው ከጠፋ ግን ከስምንት አመት ወለድ በላይ ነው የሚጠፋው። ስለዚህ በብድር መልክ የምትሰጥ ከሆነ መጠኑ የበለጠ ማነስ አለበት። እኛ ወደፊት ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር ካቋቋመ ብድሩ ወደ ድርሻ ይቀየራል የሚል አንቀጽ ጨምረንበታል፣ አለበለዚያ ንግዱ ቢያድግ እኔ ከ12 ፐርሰንቴ ጋር ነው የምቀረው።

ቀሪው 60 ሺ ግን በቅድመ ሁኔታ ነበር። የወተት መኖ ንግድ የሚፈተነው በሁዳዴ ነው። ሃምሳ አምስት ቀን ወተት ገዢ ይጠፋል፣ ላሟ ግን ትበላለች፣ ስለዚህ አርቢው መኖውን በዱቤ ይወስዳል። በጥር ወር ከተሸጠው 100 ብር ውስጥ 70ው በእጅ በእጅ ነበር፣ ሁዳዴ መሀል ላይ ወደ 35 ወረደ። ሽያጩን ብቻ ብታየው ንግዱ ደህና ነው፣ መጋዘኑን ስታየው ግን የፋጉሎው ክምር እያነሰ መግዣ የለም፣ ብሩ የሰው ደብተር ላይ ተሰቅሏል። ለዚህ ነው እንዴት ነው ትርፉ ብዬ የማልጠይቀው፣ "ደህና ነው" ነው የሚባለው። ዱቤው ስንት ነው፣ ስንት ቀን ሆነው፣ መጋዘን ውስጥ ስንት ኩንታል አለ ብዬ ነው የምጠይቀው፣ እነዚህ ሦስቱን መደበቅ ይከብዳል።

ስምምነታችን እስከ ግንቦት መጨረሻ ከሁዳዴው ዱቤ ሁለት ሦስተኛው ከተሰበሰበ 60 ሺው ይጨመራል የሚል ነበር። የተሰበሰበው ከግማሽ ትንሽ በለጥ ያለ ነው። ልጁ አልሰነፈም፣ አንዳንዱ አርቢ ጥጃ እስኪሸጥ ጠብቀኝ ብሎት ነው። እኔ 30 ሺ ብቻ ጨመርኩ፣ እሱም ከአንድ ወር በላይ ዱቤ ያለበት ሰው አዲስ መኖ በእጅ በእጅ ብቻ እንዲወስድ በሚል ነው። ሁለት ደንበኛ አጥቷል በዚህ፣ ግን ክረምቱን ፋጉሎ ሳያልቅበት አለፈ።

በኔ ደብተር ላይ የሰጠሁት 110 ሺ የተመዘገበው 55 ሺ ተብሎ ነው፣ ግማሹን እንደጠፋ ቆጥሬ ነው ሌላውን ነገሬን የማቅደው፣ ከተመለሰ ይጨመርበታል። ወለዱን እስካሁን ከፍሏል፣ አንዴ ዘግይቶ። ቀሪው 30 ሺ ቁጠባ ውስጥ አለ፣ እሱም እንዳለ ያውቃል። አሁን ስለማሽኑ መልሶ እያነሳብኝ ነው፣ ከሚቀጥለው ሁዳዴ በኋላ የዱቤ ደብተሩን ይዘህ ና ብዬዋለሁ፣ ያኔም ቢሆን ከ30 ሺው በላይ ከኔ አይወጣም።