ጥቅምት ላይ የተለካው ምንጭ

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በአንድ ትንሽ የልማት ድርጅት የፕሮጀክት ኦፊሰር ነኝ። ሥራዬ በአጭሩ ለጋሽ የሰጠው ገንዘብ ምን ላይ እንደዋለ እየጠየቁ ሪፖርት መጻፍ ነው። ከያዝኳቸው አራት ግራንቶች አንዱ ሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ውስጥ ነው፤ እኔም የዚያው አገር ልጅ ነኝ።

ፕሮጀክቱ ምንጭ ማጎልበት ነበር። ምንጩን በኮንክሪት መክደን፣ ውሃውን በቧንቧ ማውረድ፣ ቦኖ ማቆም፣ ማጠራቀሚያ መሥራት። መሀል ላይ ሲሚንቶ ተወደደና ከመስክ «ማጠራቀሚያው ይቅር» የሚል ጥያቄ መጣ። ከለጋሹ ጋር ባለን ውል ከአንድ የበጀት መደብ ከ10 በመቶ በላይ ለማዛወር የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል። ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ማስረጃዬ ጥቅምት ላይ የተወሰደ ልኬት ነበር። 20 ሊትር ጀሪካን በ40 ሰከንድ ሞላ፣ ማለትም በደቂቃ 30 ሊትር። ተጠቃሚው 90 አባወራ ነው፣ በ5 ሲባዛ 450 ሰው (አዎ፣ ብዙ ጊዜ የምንቆጥረው እንዲህ ነው)። ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ብንል 11,250 ሊትር ይበቃል። ምንጩ በ12 ሰዓት ብቻ 21,600 ሊትር ይሰጣል። ታዲያ ማጠራቀሚያ ለምን? ለጋሹ ፈቀደ፣ ግራንቱ ተዘጋ፣ በመጨረሻው ሪፖርት ላይ «450 ተጠቃሚ» ብዬ ጻፍኩ።

በዓመቱ ግንቦት ላይ እናቴን ልጠይቅ ሄጄ ወደ ቦኖው ብቅ አልኩ። ጀሪካኑ ተደርድሯል፣ ሰው ከንጋት ጀምሮ ተኮልኩሏል። ስልኬን አውጥቼ ለካሁ፤ ያው ጀሪካን ለመሙላት 2 ደቂቃ ፈጀ። በደቂቃ 10 ሊትር፣ በ12 ሰዓት 7,200። አንዲት እናት «ጥቅምት ላይ ነው የለካነው» ስላቸው ሳቁብኝ።

«ልጄ፣ በጥቅምትማ ወንዙም ሙሉ ነው። እኛ የምንጨነቀው ለግንቦት ነው።»

የሚያናድደው ግን ሌላ ነው። በደቂቃ 10 ሊትር ማለት በ24 ሰዓት 14,400 ነው። ከሚፈለገው ይበልጣል! ሌሊት ማንም ሳይቀዳው የሚፈሰውን ውሃ የሚይዝ ነገር ቢኖር ኖሮ ወረፋው ባልነበረ። ያ ነገር ደግሞ እኔ በደብዳቤ ያስቀረሁት ማጠራቀሚያ ነው።

የውሃ ኮሚቴው ገንዘብ ያዥ ሌላም ነገረኝ። ወረፋው ሲበዛ ሰው ወርሃዊ መዋጮውን መክፈል ትቷል፣ «ውሃ ሳላገኝ ለምን እከፍላለሁ?» እያለ። ስለዚህ አንዱ የቦኖ መክፈቻ ሲበላሽ የሚጠገንበት ሳንቲም አልተገኘም።

ተመልሼ በሪፖርት ቅጻችን ላይ «የተለካበት ወር» የሚል ሳጥን አስገባሁ፤ የግንቦት ልኬት የሌለውን ማመልከቻ እመልሳለሁ። ለማጠራቀሚያው አዲስ ማመልከቻ ልኬያለሁ። የመጀመሪያው ለጋሽ «ግራንቱ ተዘግቷል» ብሏል፣ ሁለተኛው ገና አልመለሰም። እናቴ ግን በደወለች ቁጥር ትጠይቀኛለች።