ሎት ከስቶፑ ርቀት ነው የሚወጣው

ትሬድ ከመክፈቴ በፊት የምሠራውን ሒሳብ ለራሴም ለሌላም እንዲሆን እዚህ ላስቀምጠው። አብዛኛው ሰው «ስንት ሎት ልክፈት?» ብሎ ይጀምራል። እኔ ግን ሎት የሚመረጥ ነገር ነው ብዬ አላምንም። ሎት ሁለት ነገሮች ከታወቁ በኋላ ተካፍሎ የሚገኝ ውጤት ነው፦ ትሬዱ ቢከሽፍ ከአካውንቱ የሚወጣው ዶላር፣ እና ከመግቢያው እስከ ስቶፕ ሎሱ ያለው ርቀት።

አካውንቱ 1,200 ዶላር ነው እንበል፤ በአንድ ትሬድ የምንፈቅደው ኪሳራ 1 በመቶ፣ ማለትም 12 ዶላር። EURUSD ላይ ለመግዛት አስበናል። ቻርቱ 1.0850 ያሳያል፣ የቅርቡ ዝቅተኛ ዋጋ 1.0822 ነው። ዋጋው ከዚያ በታች ከወረደ ለመግዛት ያሰብንበት ምክንያት ፈርሷል፤ ስለዚህ ስቶፑን ትንሽ ዝቅ አድርገን 1.0816 ላይ እናስቀምጣለን። በቻርቱ ላይ ሲለካ ርቀቱ 34 ፒፕ ነው። ግን MT5 ቻርቱን የሚስለው በመሸጫው ዋጋ (Bid) ሲሆን ስንገዛ የምንከፍለው Ask ነው። ስፕሬዱ 1 ፒፕ ከሆነ የምንገባው 1.0851 ላይ ነው፣ እውነተኛው ርቀትም 35 ፒፕ ይሆናል። ሠላሳ አምስት ፒፕ ላይ ይህ ልዩነት ቀላል ነው፤ ስቶፑ 8 ፒፕ ሲሆን ግን ሒሳቡን ያበላሸዋል።

በዶላር አካውንት EURUSD ላይ በ1 ሎት አንድ ፒፕ 10 ዶላር ነው። እንግዲህ፦

```
ሎት = 12 ÷ (35 × 10) = 0.034
```

ብሮከሩ የሚቀበለው በ0.01 እየዘለለ ከሆነ ወደ ታች አጠጋግተን 0.03 እንከፍታለን። ስቶፑ ቢነካ ኪሳራው 10.50 ዶላር ነው። 0.04 ብንከፍት 14 ዶላር ይሆናል፣ ማለትም ያወጣነውን ገደብ ገና ሳንጀምር አለፍነው። ሌቨሬጅ እዚህ ቀመር ውስጥ የለም፤ የሚወስነው የሚያዘውን ማርጂን እንጂ ስቶፑ ሲነካ የሚጠፋውን ገንዘብ አይደለም።

ቀመሩ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ቦታ አለ። ስቶፑ በግማሽ ሲጠጋ ሎቱ እጥፍ ይሆናል፦ በ17 ፒፕ 0.07 መክፈት ይቻላል፣ ኪሳራውም አሁንም ከ12 ዶላር አይበልጥም። በወረቀት ላይ ያምራል። ነገር ግን 17 ፒፕ ሲለካ 1.0834 ላይ ያርፋል፤ ያ ደግሞ ከዝቅተኛው ዋጋ በላይ፣ ገበያው በተለመደው መዋዠቁ ሊነካው የሚችል ቦታ ነው። አንዱ ኪሳራ አልጨመረም፣ የሚደጋገምበት ዕድል ግን ጨመረ። ስለዚህ ስቶፑ ከቻርቱ ይወሰን፤ ሎቱ ይከተለው። ተገላቢጦሽ መሥራታችንን ለማወቅ አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ ስቶፑ ለምን እዚያ ተቀመጠ? መልሱ ስለ ዋጋው ሳይሆን ስለ ሎቱ ከሆነ ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል።

ሌላው ስህተት 10 ዶላርን ለሁሉም ነገር መጠቀም ነው። EURGBP ላይ አንድ ፒፕ 10 ፓውንድ ነው። ፓውንዱ 1.27 ዶላር ቢሆን 12.70 ዶላር ማለት ነው፣ በዚያው 35 ፒፕና 0.03 ሎት ኪሳራው 13.30 አካባቢ ይደርሳል። ወርቅ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ነው፦ በተለመደው ውል 1 ሎት 100 አውንስ ስለሆነ፣ 0.01 ሎት ላይ ዋጋው በ1 ዶላር ሲንቀሳቀስ እኛም 1 ዶላር እናገኛለን ወይም እናጣለን። ስቶፑ 15 ዶላር ከራቀ ትንሹ ሎት ራሱ 15 ዶላር ያስከስራል፤ ቀመሩ የሚሰጠን 0.008 ነው፣ እሱ ደግሞ አይከፈትም። እዚህ ላይ ትክክለኛው ውሳኔ ትሬዱን መተው ነው። ስቶፑን ወደ 12 ዶላር መጎተት ያንኑ የEURUSD ስህተት መድገም ይሆናል። የውሉን መጠን በግምት አትያዙ፤ MT5 ላይ ምልክቱን በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ Specification ስትከፍቱ Contract size ተጽፎ ታገኙታላችሁ።

ሒሳቡ የማይሸፍነውም ነገር አለ። ስቶፕ ሎስ ሲነካ ወደ ገበያ ትዕዛዝ ተለውጦ ባለው ዋጋ ይዘጋል፤ ያስቀመጥነው ዋጋ ላይ ገዢ ወይም ሻጭ ከሌለ ኪሳራው ከ1 በመቶ ያልፋል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 15 ቀን 2015 የስዊዘርላንድ ብሔራዊ ባንክ ዩሮን ከ1.20 ፍራንክ በታች እንዳይወርድ ሲጠብቅበት የነበረውን ወለል ድንገት ሲያነሳ፣ ዋጋው በደቂቃዎች ውስጥ ከ1 ፍራንክ በታች ወርዶ ነበር። ከ1.20 ትንሽ ዝቅ ብለው የተቀመጡ ስቶፖች እጅግ ርቀው ተዘጉ። ስለዚህ ዓርብ ገበያው ተዘግቶ እስኪከፈት ወይም ትልቅ ዜና እስኪያልፍ የሚያድር ትሬድ ከሆነ፣ 1 በመቶውን ወደ ግማሽ አወርደዋለሁ፤ ከላይ ባለው ምሳሌ 6 ዶላር ሲሆን፣ ሎቱም 0.01 ይሆናል።