«አይደል» እና «አይደለም»

በአንድ የምርምር ላቦራቶሪ የናሙና መዝገብ ያዥ ሆኜ በምሠራበት ጊዜ አንዲት የሁለት ገጽ ዘገባ ጽፌ ነበር። የተሳሳተ ቁጥር አልነበረባትም። ሆኖም ያነበቧት የኮሚቴ አባላት እኔ ካልኩት ጋር ፍጹም የሚቃረን ነገር ተረድተው ከስብሰባ ወጡ።

የደም ሴረም ናሙናዎች የምናስቀምጥበት ማቀዝቀዣ ሙቀቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መሆን ነበረበት። በውስጡ በየ10 ደቂቃው ሙቀት የሚመዘግብ ትንሽ መሣሪያ አለ። አንድ ሰኞ ጠዋት መዝገቡን በኮምፒውተር ስከፍት ባለፈው ሳምንት ሁለት ሌሊት ሙቀቱ ከጣሪያው አልፎ ማደሩን አየሁ። ሄጄ ስመለከት የበሩ ላስቲክ ከታች በኩል ተሰንጥቋል። ያ ላስቲክ እንዲቀየር ከሁለት ወር በፊት ለጥገና ክፍል አመልክቼ ስለ ነበር ደሜ ፈላ። በዚያው ንዴት ተቀምጬ ጻፍኩ። የዘገባው ዋና አንቀጽ ይህ ነበር፦

«ማቀዝቀዣው በአንድ ሳምንት ሁለት ጊዜ ሞቷል። የመብራት መቋረጥ አይደል። ይሄ አሳፋሪ ቸልተኝነት ነው። ናሙናዎቹ በሙሉ ገደል ገብተዋል።»

ስብሰባው ላይ እኔ አልነበርኩም። ቃለ ጉባኤው ሲደርሰኝ ግን የመጀመሪያው ውሳኔ «የኤሌክትሪክ መቋረጥን ለመከላከል ጄኔሬተር እንዲገዛ» ይላል። ስለ በሩ ላስቲክ አንድም ቃል የለም። ሁለተኛው ውሳኔ ደግሞ የጥገና ክፍል ኃላፊ በቀረበባቸው ስድብ ላይ ቅሬታቸውን በጽሑፍ እንዲያቀርቡ ይፈቅዳል።

የጥናቱ አስተባባሪ ቢሯቸው አስጠሩኝ። ረጅም ዘመን የምርምር ጽሑፎችን ሲያርሙ የኖሩ ሴት ናቸው። ዘገባዬን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው በእርሳስ «አይደል» የሚለውን ቃል ከበቡት።

«ይህን ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብብልኝ» አሉኝ።

አነበብኩ።

«አሁን እንደ ጥያቄ አድርገህ አንብበው።»

እንደ ጥያቄም አነበብኩት፤ ያን ጊዜ ገባኝ። እኔ «አይደለም» ማለቴ ነበር። አንባቢው ግን ድምፄን አይሰማም። «የመብራት መቋረጥ አይደል» ሲል ያነበበው «መብራት ተቋርጦ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፣ አይደል?» በሚለው ስሜት ነው። የቆረጥኳት የቃል ጫፍ አሉታን ወደ ማረጋገጫ ገለበጠችው። በንግግር ይህ አይሆንም፤ የድምፅ አወጣጥና የፊት ገጽታ የጎደለውን ይሞላሉ። በወረቀት ላይ የሚሞላው የለም። እንግሊዝኛም ይኸው ችግር አለበት፦ «ሺድ» የሚለው አጭር ቅርጽ «ሺ ሃድ»ም «ሺ ዉድ»ም ሊሆን ይችላል፤ አንዱ የሆነውን ይናገራል፣ ሌላው ሊሆን ይችል የነበረውን። መደበኛ ጽሑፍ ቃልን አሟልቶ ጻፉ የሚለው ለክብር ብቻ እንዳልሆነ ያን ቀን ተረዳሁ።

አስተባባሪዋ ቀጥለው «ሞቷል» በሚለው ላይ እርሳሳቸውን አሳረፉ። «ምን ማለት ነው? ሞተሩ ቆመ? ኃይል አጣ? ወይስ እየሠራ ማቀዝቀዝ አቃተው?» መልሱ ሦስተኛው ነበር። በመሥሪያ ቤታችን ግን ማንኛውም ዕቃ ሥራ ሲያስተጓጉል «ሞተ» ስለምንል ቃሉ ሦስቱንም ይሸፍናል። የመንደር ቋንቋ ጥፋቱ ነውር መሆኑ አይደለም። ሰዎች አብረው በሚያውቁት ነገር ላይ የሚቆም በመሆኑ፣ ያንን የማያውቅ አንባቢ ባዶውን በራሱ ግምት ይሞላዋል። ኮሚቴው «ሞቷል»ን ከ«መብራት» ጋር አገናኝቶ ጄኔሬተር ላይ የደረሰው በዚህ መንገድ ነው።

«አሳፋሪ ቸልተኝነት» ላይ ሲደርሱ ተከራከርኳቸው። «ማመልከቻዬን ሁለት ወር ችላ ብለውታል፤ ታዲያ ሌላ ምን ይባላል?» አልኳቸው።

«ማመልከቻው የት አለ?»

«መዝገብ ቤት።»

«ታዲያ ለምን እዚህ የለም? ቀኑና የደብዳቤው ቁጥር ሊቀመጥበት የሚገባውን ቦታ ቁጣህ ያዘው።»

ከሰማሁት ሁሉ ዛሬም ድረስ የምሠራበት ይህ ነው። የስሜት ቃል በክርክር ውስጥ የማስረጃን ወንበር ይዞ ይቀመጣል። ጸሐፊው ስሜቱን ሲጽፍ ነገሩን ያስረዳ ይመስለዋል፤ አንባቢው ግን ያገኘው ፍርድ ብቻ ነው፣ ፍርዱን የሚመዝንበት ነገር አልተሰጠውም። በዚያ ላይ የተሰደበ ሰው ስለ ላስቲክ አያስብም፤ ራሱን ይከላከላል።

«በሙሉ ገደል ገብተዋል» ደግሞ ሐቀኝነትም ይጎድለው ነበር። በማቀዝቀዣው ውስጥ 40 ናሙናዎች የነበሩ ሲሆን በእነዚያ ሌሊቶች ውስጡ ያደሩት 17ቱ ብቻ ናቸው። የቀሩት ከዚያ በኋላ የገቡ ናቸው። 17ቱም ቢሆኑ ተበላሽተው እንደሆነ የመረመረ ሰው የለም። ማለት የምችለው አስተማማኝነታቸው እንዳልተረጋገጠ ብቻ ነበር።

እንደገና ልጻፍ ብዬ ወጣሁ። ሁለተኛው ረቂቄ ወደ ሌላው ጽንፍ ሄደ፦ «ተገቢ ያልሆነ የሙቀት መዛባት ክስተት መከሰቱ ተስተውሏል» አልኩ። አስተባባሪዋ ይህንንም ሰረዙት። ማን አስተዋለው? መቼ? ምን ያህል ተዛባ? አካዳሚያዊ አጻጻፍ ቃላትን ማሳበጥ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ እኔም አንዱ ነበርኩ። ያበጠው ዐረፍተ ነገር ግን ልክ እንደ «ሞቷል» መረጃውን ደብቆታል።

የቋንቋ ሊቁ ማይክል ሃሊደይ ሬጅስተር የሚባለውን፣ ማለትም ቋንቋ እንደ አገልግሎቱ ሁኔታ የሚይዘውን መልክ፣ ሲያብራራ ሦስት ነገር ይጠይቃል፤ ስለ ምን እንነጋገራለን፣ በማንና በማን መካከል፣ በምን መንገድ። የእኔ ዘገባ ለሥራ ባልደረባዬ በመተላለፊያ ላይ ቢነገር ኖሮ ምንም አይጎድለውም ነበር። ለማላውቃቸው ሰዎች፣ በወረቀት፣ እኔ በሌለሁበት እንዲነበብ በተላከ ጊዜ ግን ሦስቱም ተለውጠዋል። ቋንቋዬ ብቻ መተላለፊያው ላይ ቀርቷል።

ሦስተኛው ረቂቅ እንዲህ ሆነ፦

«በሁለት ሌሊቶች የማቀዝቀዣው ውስጣዊ ሙቀት ከተፈቀደው 8 ዲግሪ አልፏል፤ በመጀመሪያው 11.5፣ በሁለተኛው 13 ዲግሪ ደርሷል። በሁለቱም ሌሊቶች የኤሌክትሪክ ኃይል አልተቋረጠም። የበሩ ላስቲክ ማሸጊያ ተሰንጥቆ ስለ ተገኘ የሙቀቱ መጨመር ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም። ማሸጊያው እንዲቀየር ከሁለት ወር በፊት በደብዳቤ ተጠይቆ ነበር፤ የደብዳቤው ቅጂ ተያይዟል። በወቅቱ በውስጡ የነበሩ 17 ናሙናዎች አስተማማኝነታቸው እስኪረጋገጥ ድረስ ከትንተናው እንዲወጡ እጠይቃለሁ።»

«እጠይቃለሁ» የሚለውን «ይጠየቃል» ላድርገው ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። «አንተ ነህ የምትጠይቀው፤ ተወው» አሉኝ።

አንድ ቦታ ላይ ብቻ የአፍ ቋንቋ እንዲቀር ፈቀዱ። የሌሊት ጥበቃው የሰጡትን ቃል ላስተካክል ስል እጄን ያዙኝ፤ የምስክር ቃል ራሱ ማስረጃ ስለሆነ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ እንደ ተነገረ ይቀመጣል። እናም ከዘገባው ጋር የተያያዘው ገጽ እንዲህ ይላል፦ «መብራቱማ ነበር። በሩ ነው እምቢ ያለው፣ ገፋ አርጌው ተመልሶ ተከፈተ።»

በሁለተኛው ስብሰባ ዘገባውን ያነበቡት የጥገና ክፍል ኃላፊው ራሳቸው ነበሩ። ላስቲኩ በዚያው ሳምንት ተቀየረ።