ቅሬታ ያቀረቡት ትክክል የተከፈላቸው ነበሩ

እዚህ ቨርጂኒያ ውስጥ በአንድ የሕንፃ አስተዳደር ድርጅት ፔይሮል ክፍል ስሠራ የገጠመንን ልንገራችሁ። ድርጅቱ ለቢሮ ሠራተኞቹ የሚከፍለው በወር ሁለት ጊዜ ነበር፤ በ15ኛው ቀንና በወሩ መጨረሻ። በሰዓት የሚሠሩት ደግሞ በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ ይከፈላቸዋል። ሁለቱን ለየብቻ ማስኬድ ስላስቸገረ፣ ከጃንዋሪ ጀምሮ ሁሉም በየሁለት ሳምንቱ እንዲከፈለው ተወሰነ።

ፌብሩዋሪ አጋማሽ ላይ አንድ የሕንፃ ኃላፊ ቢሮ መጡ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ሁለት የደሞዝ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉ። የዲሴምበሩ 2,600 ዶላር ይላል፣ የጃንዋሪው 2,400።

«ልጄ፣ ሁለት መቶ ዶላሬ የት ሄደ?»

«ጋሼ፣ የትም አልሄደም» አልኳቸው። የዓመት ደሞዛቸው 62,400 ነው። በወር ሁለቴ ሲከፈል በዓመት 24 ቼክ ነው፤ 62,400 ለ24 ሲካፈል 2,600 ይመጣል። በየሁለት ሳምንቱ ሲሆን ግን ቼኩ 26 ነው፤ ለ26 ሲካፈል 2,400። እያንዳንዱ ቼክ ያንሳል፣ ሁለት ቼክ ይጨመራል፣ የዓመቱ ድምር ያው ነው።

በጥሞና ሰሙኝ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦ «እሱስ ይሁን። ያኛው ሕንፃ ላይ ያለው ልጅ ግን ደሞዛችን እኩል ነው፤ እሱ ለምን 2,600 ይወስዳል?»

ይህን መመለስ አልቻልኩም። ወዲያው ሲስተሙን ከፍቼ የሁለቱን መዝገብ ጎን ለጎን አየሁ። የጋሼ ደሞዝ በዓመት ነው የተመዘገበው፤ 62,400። ስለዚህ የክፍያው ዙር ሲቀየር ሲስተሙ ራሱ ለ26 አካፍሎታል። የልጁ ግን በቼክ ነው የተመዘገበው፤ 2,600። ዙሩ ሲቀየር ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። 2,600 በ26 ሲባዛ ደግሞ 67,600 ነው። በዓመት 5,200 ዶላር ትርፍ፣ ማለትም ድፍን የአንድ ወር ደሞዝ።

መዝገቡን በሙሉ ስናገላብጥ ከቢሮ ሠራተኛው ግማሽ የሚሆነው እንደ ልጁ ሆኖ ተገኘ። ቅሬታ ይዘው የመጡት ሁሉ ትክክለኛውን የተከፈላቸው ናቸው። ትርፍ የገባላቸው አንድም ቃል አልተነፈሱም፤ አልፈርድባቸውም። ቼኩ ዲሴምበር ከነበረው ጋር አንድ ነው፣ ምን ያስጠረጥራል? ፔይሮል ላይ አስቸጋሪው ስህተት እንዲህ ያለው ነው። የቼኩ ቁጥር ስላልተለወጠ ማንም ልብ አይለውም።

ታክሱም አብሮ ተዛብቷል። ሲስተሙ የፌደራል ታክስ ሲያስላ መጀመሪያ ቼኩን በ26 አባዝቶ ወደ ዓመት ይወስደዋል፣ የዓመቱን ታክስ ያወጣል፣ ከዚያ መልሶ ለ26 ያካፍላል። ስለዚህ ልጁን የ67,600 ደሞዝተኛ አድርጎ ነበር የሚቆርጥበት።

እስከዚያ ድረስ አራት ቼክ ወጥቷል። በሰው 800 ዶላር ትርፍ ማለት ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ አሠሪ ከታክስና ሕግ ከፈቀደው ውጭ ከደሞዝ ላይ ለመቁረጥ የሠራተኛውን የጽሑፍ ፈቃድና ፊርማ ይፈልጋል። ስለዚህ እያንዳንዳቸውን ጠርተን ስሌቱን አሳየናቸው፤ ፈርመው ከስምንት ቼክ መቶ መቶ ዶላር እንዲመለስ ተስማሙ። ነገሩ በዚያው ዓመት መገኘቱ በጀን። ወደሚቀጥለው ዓመት ተሻግሮ ቢሆን ያለፈው ዓመት ደብልዩ ቱ መስተካከሉም ሌላ ጣጣ ነበር።

ይሄ አለቀ ስንል ሁለተኛው መጣ፤ የጤና ኢንሹራንስ ተቆራጭ። የሠራተኛው ድርሻ በወር 240 ዶላር ነው። ድሮ ከእያንዳንዱ ቼክ 120 ይቆረጥ ነበር፤ በ24 ሲባዛ 2,880። አሁንም 120 እንደሆነ ቀጥሏል። በ26 ሲባዛ 3,120 ይሆናል። ኢንሹራንሱ የሚጠይቀው 2,880 ብቻ ስለሆነ 240 ዶላር ያለ አግባብ ከሰው ኪስ ሊወጣ ነበር። መፍትሔው ሁለት ነው። ወይ 2,880ን ለ26 አካፍሎ ከየቼኩ 110.77 መቁረጥ፣ ወይ 120ውን ይዞ በወሩ ሦስተኛ ሆነው ከሚመጡት ሁለት ቼኮች ላይ ምንም አለመቁረጥ። እኛ ሁለተኛውን መረጥን። የኢንሹራንሱ ደረሰኝ በወር ስለሚመጣ ለማመሳከር ይቀላል፤ ሠራተኛውም ቼኩ ላይ የሚያውቀውን ቁጥር ያያል።

ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ሳናደርግ ዙር አንቀይርም። የእያንዳንዱን ሰው የድሮ ቼክ በድሮው ዙር፣ አዲሱን ቼክ በአዲሱ ዙር እናባዛለን፦ ለሳምንት 52፣ ለሁለት ሳምንት 26፣ በወር ሁለቴ ለሆነ 24፣ ለወር 12። ሁለቱ የዓመት ድምሮች መግጠም አለባቸው። ከአንዱ ዙር ወደ ሌላው በቀጥታ መዝለል የለም፤ መጀመሪያ ወደ ዓመት ወጥቶ ከዚያ መውረድ ነው። የሳምንቱን ደሞዝ በ4 አባዝቶ «ይሄው የወሩ» ማለት ብዙ ሰው ይለምዳል። በሳምንት 1,200 የሚያገኝ ሰው በዚህ አካሄድ የወር ደሞዙ 4,800 ይሆናል፤ ትክክለኛው ግን 5,200 ነው። ለቤት ብድር ገቢውን እንዲህ ሞልቶ የሚሄድ ሰው በዓመት 4,800 ዶላር ከራሱ ላይ ይቀንሳል።

ድምሩ ሳይገጥም ሲቀር የልዩነቱ መጠን ራሱ ይናገራል። ጥቂት ሳንቲም ከሆነ የማጠጋጋት ነው። 50,000 ለ26 ሲካፈል 1,923.08 ይሆናል፤ መልሰው በ26 ሲያባዙት ስምንት ሳንቲም ይተርፋል፣ ምንም አይደለም። አዲሱ ድምር በ8.33 በመቶ ከበለጠ የ24ቱ ቼክ በ26 እየወጣ ነው ማለት ነው። በ7.69 በመቶ ካነሰ የተገላቢጦሹ ነው፣ ወይም አንድ ሰው ወሩን አራት ሳምንት አድርጎታል።

ይህ ሁሉ ተሠርቶም 26 ራሱ ሁልጊዜ 26 አይደለም። 26 ጊዜ 14 ቀን 364 ነው፤ ዓመት ደግሞ 365 ወይም 366። ትርፉ ቀን እየተጠራቀመ በየ11 ዓመቱ ገደማ 27ኛ የክፍያ ቀን ይመጣል። እ.ኤ.አ. የ2026ን ካላንደር እንይ። የመጀመሪያው የክፍያ ዓርብ ጃንዋሪ 2 ከሆነ በዓመቱ 26 ክፍያ አለ፤ ቀጣዩ ጃንዋሪ 1፣ 2027 ላይ ይውላል። ያ ቀን ግን ባንክ ዝግ ነው። ድርጅቱ ክፍያውን አንድ ቀን ቀደም አድርጎ ዲሴምበር 31 ላይ ከከፈለ 2026 በድንገት 27 ቼክ ይኖረዋል። ታክሱ የሚቆጠረው በተከፈለበት ቀን ስለሆነ፣ የ62,400 ደሞዝተኛ ደብልዩ ቱ ላይ 64,800 ይወጣል።

በሰዓት ለሚሠራ ሰው ይህ አያስቸግርም፤ የሠራበት ሰዓት ነው የሚከፈለው። የዓመት ደሞዝ ላለው ግን አሠሪው ቀድሞ መወሰን አለበት። ወይ ቼኩን እንዳለ ትቶ ተጨማሪውን 2,400 በጀት ይይዛል፣ ወይ ከዓመቱ መጀመሪያ ጀምሮ ለ27 አካፍሎ ቼኩን 2,311.11 ያደርገዋል። ሁለተኛው ከተመረጠ ለሠራተኛው ቀደም ብሎ በጽሑፍ ይነገረው። አለበለዚያ ጋሼ ወረቀታቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ መምጣታቸውም ተገቢ ነው።