አሥር ካርቶን ነጠላ ጫማ ከመግዛቴ በፊት ማን በነገረኝ

ድሬዳዋ ቀፊራ አጠገብ ትንሽ የጫማ ሱቅ አለኝ። ንግድ ፈቃዱም ኪራዩም ብዙ አላስቸገረኝም። ያቃጠለኝ የመጀመሪያው የጅምላ ግዢ ነው።

መርካቶ ሄጄ ሦስት አከፋፋዮችን አነጋገርኩ። የወደድኩትን የሴት ነጠላ ጫማ የያዘው ነጋዴ ከ3 ካርቶን በታች አይሸጥም። 3 ካርቶን ለሚወስድ ጥንዱ 470 ብር፣ 10 ለሚወስድ ግን 420 ነው። አንድ ካርቶን 24 ጥንድ ይይዛል። ለናሙና አንድ ጥንድ ገዛሁና አዲስ አበባ አክስቴ ቤት አራት ቀን አደረግኩት። ወሩ ነሐሴ ነው፣ ዝናብና ብርድ። ጫማው ምንም አልሆነም። በንግድ ሥልጠና ላይ «በብዛት ግዙ፣ ዋጋ ታስወርዳላችሁ» ያሉን ትዝ አለኝና 10 ካርቶን ወሰድኩ። 100,800 ብር ከፈልኩ።

በመስከረም አንዲት እናት የገዙትን ጫማ በፌስታል ይዘው መጡ። «ልጄ፣ ይሄ እኮ ከዚራ ሳልደርስ ነው አፉን የከፈተው» አሉኝ። አፈርኩ፤ ገንዘባቸውን መለስኩ። በማግስቱ ሌላ መጣች። መጋዘኔ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ገብቼ ያልተሸጡትን በአውራ ጣቴ ስጫናቸው የብዙዎቹ ሶል ከጫፉ ተላቀቀ።

የሰፈራችን ጫማ ሰፊ አንዱን ገንጥሎ አሳየኝ። ማስቲሹ በሙሉ ላይኛው ክፍል ላይ ቀርቷል፤ ሶሉ ንጹሕና ልሙጥ ነው። «ሳይፋቅ ነው የተለጠፈው። ልሙጥ ሶል ማስቲሽ አይዝም፤ ሙቀት ሲጨመርበት ይለቃል» አለኝ። ናሙናዬን ስንገነጥለው ግን ሶሉ በደንብ ተፍቆ ሻክሯል፤ ማስቲሹም ሁለቱም ላይ አለ። ለካ ነጋዴው ለእይታ ከተሰቀለው አውርዶ የሰጠኝ ሌላ ሥራ ኖሯል።

ደወልኩለት። «እህቴ፣ ደረሰኙን አንብቢው» አለኝ። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ማኅተም አለበት። እስካሁን ያናድደኛል። ከ240 ጥንድ 61ዱ ተበላሸ፤ 25,620 ብር ማለት ነው። በብዛት በመግዛቴ ያተረፍኩት 12,000 ብር ብቻ ነበር።

ሥልጠናው ላይ ያሉት ለሁለተኛ ግዢ ይሠራ ይሆናል። ለመጀመሪያው ግን በፍጹም። አሁን 50 ብሩን ጨምሬ በትንሹ እጀምራለሁ። ናሙናውንም ከተሰቀለው አልቀበልም፤ የታሸገ ካርቶን እኔ መርጬ፣ እፊቴ ተከፍቶ፣ ከመሃል ሁለት ጥንድ እገዛለሁ። አንዱን ጥንድ ድሬ አምጥቼ ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት ቆርቆሮ ላይ አሰጣዋለሁ፤ ገና ትኩስ እያለ ጣት የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ደጋግሜ አጥፈዋለሁ። ከዚያ ያለ ርኅራኄ እገነጥለዋለሁ። ሶሉ ልሙጥ ሆኖ ከወጣ ያንን ዕቃ አልገዛም።

ሁለተኛውን ጥንድ እዚያው መርካቶ ለሁለት እከፍለዋለሁ። አንዱን እግር ከነጋዴው ጋር ፈርመንበት እሱ ጋ እተወዋለሁ፤ ሌላውን እኔ እይዛለሁ። ደረሰኙ ጀርባ ላይም «ከናሙናው ከተለየ ይመለሳል» ብሎ በእጁ ይጽፍልኛል። ባለፈው ወር አንዱ አልጽፍም አለኝ። ዋጋው ከሁሉም ርካሽ ነበር፤ ትቼው ወጣሁ።